«አንቺስ?» የማይል ሰው

«እንደምን አሉ እትዬ? 29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በፊት በአክስቴ ልጅ በኩል ከአንድ ልጅ ጋር ተዋወቅን። የሕንፃ መሐንዲስ ነው። አምስት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ማታ ማታ ደግሞ በቴሌግራም እናወራለን። ጨዋ ነው፣ ያስቀኛል፣ ሰዓት ያከብራል።

ባለፈው ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጣን ወንድሜ ደወለልኝ። ስልኩን ስዘጋ «ወንድም አለሽ እንዴ?» አለኝ። ስለ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ቤት ገብቼ ሳስበው እኔ የፎርማኑን ስም፣ የእናቱን የግፊት መድኃኒት፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ የተጣላውን የዶርም ልጅ ሳይቀር አውቃለሁ። እሱ ስለ እኔ የሚያውቀው ፋርማሲ እንደምሠራ ብቻ ነው። አባቴ ለዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ሊደረግ መሆኑን ነግሬው «እግዜር ይማረው» አለኝ። ኦፕራሲዮኑ ካለፈ በኋላ እንኳ አንስቶት አያውቅም።

ጓደኛዬ «ወንድ እኮ እንዲህ ነው፣ አታካብጂ» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስናወራ ጥያቄ እየቆጠርኩ ነው። ትናንት ማታ እኔ አሥራ አንድ፣ እሱ ሁለት። መቁጠሬ ራሱ አሳፈረኝ። እየወደድኩት ነው። ምን ላድርግ?»

አንባቢዎ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ መቁጠርሽ አያሳፍርም። ሆድሽን የከበደው ነገር ነበር፤ የምትይዢው ማስረጃ ስታጪ ወደ ቁጥር ሄድሽ። ማንም ያደርገዋል። ግን ቁጥሩ ብዙ የሚነግርሽ አይመስለኝም። እኔ አጠገብሽ ብሆን «ስንት ጠየቀሽ?» አልልሽም ነበር። «ከሁለቱ አንዱ ምን ነበር?» ነበር የምልሽ።

ለምን መሰለሽ፣ እኛ ሀገር ጥያቄ በየደጁ አለ። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና?» እያልን ሳንተነፍስ አራት አምስት እንጠይቃለን። የምንጠብቀው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይሄ ሰላምታ ነው፤ ደግ ልማድም ነው። ግን ማታ ማታ «ደህና ዋልሽ?» ብሎ የሚጽፍልሽ ሰው ስለ አንቺ ጠየቀ ብለሽ አትመዝግቢው። ሰላም አለሽ፣ በቃ።

ሌላም አለ። «የት ሰፈር ነሽ? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ምን ተማርሽ? ስንተኛ ልጅ ነሽ?» ይሄን ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ቅጽ እንደ መሙላት ነው። ቅጹ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ነው እኔን የሚያጓጓኝ።

እሱም ከመልስሽ የሚወለድ ጥያቄ ነው። አንቺ «አባቴ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው» አልሽ እንበል። «የትኛው ዓይኑ ነው? ማን ይዞት ይሄዳል? አንቺ ፈቃድ ታገኛለሽ?» እነዚህን ሰምቶ ካልሆነ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም። አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚመጣበትም መንገድ የለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለትውውቅ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ከብዙ ሰው ጋር ለጥቂት ደቂቃ የሚያወሩ ወንዶችና ሴቶች ንግግራቸው ታየ። እንደዚህ ዓይነት ተከታይ ጥያቄ አዘውትረው የጠየቁት፣ «ይሄን ሰው ደግሜ ባገኘው ደስ ይለኛል» የሚላቸው ሰው በዛላቸው። ከዚያው ጥናት ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላው ነገር ነው። ሰዎቹ ራሳቸው መጠየቅ ይህን ያህል እንደሚያስወድድ አይገምቱም። ስለዚህ የማይጠይቅ ሰው ሁሉ ንቆሽ ነው ማለት አይደለም። ምን እያጣ እንደሆነ ጨርሶ ያልገባውም አለ።

«ወንድም አለሽ እንዴ?» ግን እኔንም ከነከነኝ። ከአሥራ አንድ ለሁለቱ ይልቅ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ጥያቄ አለመጠየቅና የነገሩትን አለመያዝ አንድ አይደሉም።

ይሄን ስል ባለቤቴ ትዝ ይለኛል። ስንተዋወቅ ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ሴት ልጅን ስለ ግል ኑሮዋ መጠየቅ ድፍረት ይመስለው ነበር። እኔም እንደ አንቺ ከፍቶኝ ልተወው ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ስንጠብቅ ድንገት «ያ ምጣድ ተሠራ?» አለኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዴ አንድ ጎኑ አልግል ብሎኝ፣ እንጀራው በዚያ በኩል ዓይን አላወጣ ብሎ መማረሬን ከአሥር ቀን በፊት በወሬ መሃል ጣል አድርጌ ነበር። ይዞታል ለካ። ሽቦው ተቃጥሎ እንደሆነ ማየት እንደሚችልም ነገረኝ። እስከዚያ ቀን አይሰማኝም ብዬ የደመደምኩበት ሰው አንዲት ነገር አልጣለም ነበር።

ስለዚህ ዓይናፋሩን ከግድ የለሹ የምትለዪው በማስታወስ ነው። ዓይናፋሩ አይጠይቅ ይሆናል እንጂ ያልሽው ነገር አንድ ቀን ይመለሳል። ስኳር እንደማትወጂ ያውቃል። አለቃሽ ያስቸገረችሽ ሳምንት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግርሻል። ግድ የለሹ ግን አይጠይቅም፣ የነገርሽውንም አይዝም፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትተዋወቃላችሁ።

ያንቺ ሰው የትኛው ነው? በደብዳቤሽ ብቻ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ግን ከመፍረዴ በፊት አንቺንም ጥቂት ልጠይቅሽ።

ስለ ወንድምሽ የነገርሽው እንዴት ነበር? «ወንድሜ ትናንት እንዲህ አለኝ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ አለፍሽ ወይስ ቁጭ ብለሽ ስለ እሱ አወራሽ? የመጀመሪያው ከሆነ ማንም ሊያመልጠው ይችላል። እሱ ሲጠይቅሽስ ምን ያህል ትመልሻለሽ? «ሥራ እንዴት ነበር?» ሲል «ደህና ነው፣ አንተስ?» ብለሽ ኳሷን ወዲያው ትመልሻታለሽ? ይሄን የምጠይቅሽ ሥራሽን ሳስብ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ቆመሽ «ስንት ቀን ሆነው? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? አለርጂ አለብዎት?» ትያለሽ። ሰው ይመልስልሻል፣ አመስግኖ ይሄዳል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ በቀን አንድ ቢገኝ ነው። ይሄ ልማድ ካፌ ድረስ ተከትሎሽ መጥቶ ይሆን? ጎበዝ ጠያቂ ሳያውቀው ወንበሩን ሁሉ ለሌላው ይለቃል። ሌላው ደግሞ ስለተመቸው ይቀመጥበታል፤ የክፋት ነገር ላይኖርበት ይችላል።

«እየወደድኩት ነው» ያልሽውንም ቀስ ብለሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የኢሊኖይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው፣ አንዱ ስለ ራሱ እንዲያወራ ሌላው እንዲሰማ አደረጉ። ሲያልቅ ከተናጋሪው ይልቅ ሰሚው ነበር የቀረበውና የወደደው። ነገሩ ያስኬዳል። የሰማ ሰው ሌላውን አውቆታል፤ የሚወደው ነገር አግኝቷል። የተናገረው ግን ስለ ሰሚው ገና ምንም አልያዘም። አንቺ የፎርማኑን ጠባይና የእናቱን ግፊት ይዘሽ ሁለት ወር ከርመሻል። ቅርበቱ ያንቺ ነው፤ እውነተኛም ነው። ብቻ እሱ ጋ ያለው ያንኑ ያህል እንደሆነ አድርገሽ አታስቢው። እሱ የሚወድሽ ነገር እንዲያገኝ መጀመሪያ ሊያውቅሽ ይገባል።

የጓደኛሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ «ወንድ እንዲህ ነው» የሚለውን አልቀበልም። የእናቱን የመድኃኒት ስም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ልብ ማለት ይችላል። ችሎታው ካለው የቀረው ጥያቄ ወደ አንቺ ያዞረዋል ወይ የሚለው ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ዛሬ ማታ ብቻሽን ሁኚና ቴሌግራሙን ወደ ላይ ሳቢው። የሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ጥያቄ አትፈልጊ። አንቺ ስለ ራስሽ አንድ ነገር የነገርሽባቸውን ቦታዎች ፈልጊ፤ ሦስት አራት አታጪም። ከእያንዳንዱ ሥር የመጣውን የእሱን መልስ ብቻ አንብቢ። ለምሳሌ አንቺ «ዛሬ ሁለት ልጆች ቀርተው ብቻዬን ነበርኩ፣ እግሬ አልቋል» ብለሽ ይሆናል። «ውይ፣ ምሳ እንኳን በላሽ?» ካለ ገብቶልሻል። «አይዞሽ» ብሎ ወደ ሌላ ከሄደ አልፎታል። «እኔም ዛሬ ኮንክሪት ሲሞላ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት» ካለ ደግሞ ወሬውን ወደ ራሱ ወስዶታል።

ይሄ «እኔም» የምትለዋ ነገር ግን አታስቸኩልሽ። «እኔም» ድልድይ ትሆናለች። ሰው ሲያዝንልሽ የራሱን አንስቶ «አልገባኝም እንዳትዪ» ሊልሽ ይችላል። ማየት ያለብሽ ከ«እኔም» በኋላ ተመልሶ ወደ አንቺ ይመጣል ወይ የሚለውን ነው። «እኔም ፀሐይ ላይ ነበርኩ፤ ነገስ ልጆቹ ይገባሉ?» ካለ ጥሩ ነው። ስለ ኮንክሪቱ አሥር መልእክት ልኮ «ደህና እደሪ» ካለ ግን ያንቺ እግር እዚያው ተረስቶ ቀርቷል። አራቱም ቦታ ላይ እንዲህ ከሆነ ልብ በይ። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ሰው ነው፣ ይደክመዋል።

ቀጥሎ ስትገናኙ ጥያቄሽን ትንሽ ቀንሺ። አኩርፈሽ አይደለም። ልትጠይቂ ባሰብሽበት ቦታ አንድ ጊዜ ስለ ራስሽ ተናገሪ። «ዛሬ የአባዬን የዓይን ጠብታ ሳደርግለት እጄ ተንቀጠቀጠ። ለሌላ ሰው መድኃኒት ስሰጥ ስውል እንዲህ አይሆንም» በይው ለምሳሌ። ከዚያ ማኪያቶሽን አንሺና ዝም በይ። ዝምታውን አትሙዪው። እንዳንቺ ያለ ሰው ሦስት ሰከንድ ዝም ሲባል ይጨንቀዋል፤ ወዲያው «ያንተ ሳይት እንዴት ሆነ?» ማለት ያምረዋል። ታገሺ። ያቺ ዝምታ የእሱ ተራ ናት። ብዙ ጊዜ ተራውን ያላየ ሰው ክፍት ሲተውለት ይገባበታል።

ወጥመድ እያጠመድሽ እንዳይመስልሽ። እሱ የማያውቀውን ፈተና ሰጥተሽ «ወደቀ» ማለት ትክክል አይሆንም። ለዚህ ነው ሦስተኛው ነገር የሚያስፈልገው፤ ንገሪው። ደህና እየተጫወታችሁ ሳለ፣ ፊት ለፊት፣ በጽሑፍ ሳይሆን። «አንድ ነገር ልንገርህ? ስለ አንተ ብዙ አውቃለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን አንተ ስለ እኔ ስትጠይቀኝ ብትሆን ደስ ይለኛል። ባለፈው ወንድሜን ስትረሳው ትንሽ ከፋኝ።» በቃ፣ ይሄን ያህል ነው። «አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቅኩህ» የሚለውን አታንሺው፤ ሒሳብ የቀረበለት ሰው ሒሳቡን ይከራከራል እንጂ ነገሩን አይሰማም። «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽም አትጀምሪ።

የሚመልሰውን እይ። «ውይ፣ እውነትሽን ነው፤ እኔ እኮ ጠያቂ አልሆንም ብዬ ነው» ካለ ትልቅ ነገር ነው። ተሽኮርምሞ ዝም ቢልም መጥፎ አይደለም፤ ጊዜ ስጪው። «ምን ልጠይቅሽ? ራስሽ አትነግሪኝም?» ካለ ገና ነገሩ አልገባውም፤ አንድ ጊዜ ልታስረጂው ትችያለሽ። ከሳቀብሽ ወይም «ሴቶች ስትባሉ» ካለ ግን የተናገርሽውን ስሜት ረግጦ አልፏል። እሱን ከጥያቄው ማነስ በላይ እፈራዋለሁ።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። እንዲህ የተነገረው ሰው በማግስቱ ጥያቄ ያዘንባል። «የምትወጂው ቀለም? የምትወጂው ምግብ? ልጅነትሽ እንዴት ነበር?» ደስ ይላል፤ ጥረቱን አመስግኚለት። ግን በዚያ ሳምንት አትወስኚ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ከነገርሽው ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ እይ። የነገርሽው ምግብ የምታዙበት ቀን ትዝ ካለው ጥያቄው ከልቡ ነበር። ዝናቡ በሳምንቱ ካባራና እንደ ድሮው ከሆነ ያንጊዜ የጠየቀሽ ተወቅሶ ነው።

ጥያቄ ሲበዛም ሁሉም ደግ እንዳልሆነ እወቂልኝ። «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? ያ የደወለው ማን ነው? ለምን ዘገየሽ?» የሚል ሰው በቀን ሃያ ጊዜ ሊጠይቅሽ ይችላል። ብትቆጥሪው ካንቺም ይበልጣል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን ውሎሽን ይቆጣጠራል እንጂ አንቺን አያውቅሽም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከመለስሽ በኋላ የቀለለሽ ከመሰለሽ ሰው ጠይቆሻል፣ መታወቂያ ያሳየሽ ከመሰለሽ ፍተሻ ላይ ነሽ። ያንቺ ሰው እንደዚህ የለበትም፤ ለዚያ አመስግኚው።

ሚዛኑ በየማታው እኩል እኩል እንዲሆን አልጠብቅም። ሳይቱ ላይ ችግር የደረሰበት ቀን እሱ ያውራ፣ አንቺ ስሚ። አባትሽ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሳምንት ደግሞ ያንቺ መሆን ነበረበት። እሱ ነው የጎደለው። ስለዚህ ከአንድ ማታ ይልቅ ሳምንቱን እዪ። እሑድ ማታ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ባለፈው እሑድ ስለ እኔ የማያውቀው፣ ዛሬ ግን የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው? አንድ ነገር ካለ እየሄዳችሁ ነው። ሦስት እሑድ ተከታትሎ፣ አንቺ ክፍት ትተሽለትም፣ ነግረሽውም፣ ምንም ከሌለ ለመሄድ ተጨማሪ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ጨዋ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ያስቃል፤ ሁሉም እውነት ነው። እንዲያም ሆኖ ሳይጣሉ፣ ሳያስቀይሙ መለያየት ይቻላል። አምስት ጊዜ ለተገናኙ ሰዎች «ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን የምፈልገው ትንሽ ለየት ያለ ነው» ማለት በቂ ነው። ለአክስትሽ ልጅም ከዚያ የበለጠ ማብራሪያ የለብሽም።

እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ። መቁጠሩን ተዪውና ያችን ዝምታ ሞክሪያት። የሆነውን ጻፊልኝ፤ ደስ ባይልሽም ጻፊልኝ።

አባትሽስ እንዴት ሆኑ? የተሠራው አንዱ ዓይናቸው ነው ወይስ ሁለቱም? ጠብታውን ስታደርጊላቸው የሚያግዝሽ ሰው አለ ወይስ ከሥራ እየተሯሯጥሽ ብቻሽን ነሽ? እሱንም ንገሪኝ።